ስለ ካርድ ቆጣሪ እና ስለ ተከራይ የመብራት ሂሳብ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተሰጠ ማብራሪያ፤ ላልተገኙ አባሎች ሲባል እዚህ ተለጥፏል)



ባለፈው ስብሰባ ከተከራይ አባሎች መካከል ብዙዎቹ «የመብራት ካርዱ ቶሎ ያልቅብናል፤ የት እንደሚገባ አናውቅም» ብለው ስላመለከቱ፣ ስለ ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ማብራሪያ እንድሰጥ ኮሚቴው አዞኛል። እኔ የመብራት ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን ከባለሙያ ጠይቄ፣ በየሕንጻችንም ዞሬ ያየሁትን እነግራችኋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ቆጣሪው የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስክሪኑ ላይ ቀሪው በብር ቢታይም እንኳ ከሥር የሚቆጠረው ያው ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ ሺህ ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት በላ ይባላል። ባለ 10 ዋት አምፖል በየማታው አምስት አምስት ሰዓት ቢበራ በወር የሚበላው አንድ ተኩል ብቻ ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ቢሆንና ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት በአንድ ቀን 7 ይበላል። እንግዲህ አምፖል እያጠፉ በጨለማ መቀመጥ ብዙ አያተርፍም። የሚያተርፈው ምጣዱን ሦስት ጊዜ ከማጋል በሳምንት አንዴ አከታትሎ መጋገር ነው፤ ምጣዱ እስኪግል የሚያልፈው ጊዜ ሁሉ እንጀራ ሳይወጣበት ይቆጥራልና።

ሁለተኛው ነገር ዋጋው ነው። የመኖሪያ ቤት መብራት ዋጋ በደረጃ የተከፈለ ነው፤ በወር ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። በ2014 ዓ.ም. በሥራ ላይ በነበረው ዋጋ እስከ 50 ያለው በ27 ሳንቲም ግድም ሲሆን፣ ከ500 በላይ ያለው ግን 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዋጋው በየሦስት ወሩ እንዲሻሻል ስለተወሰነ፣ የአምናውን ይዞ መከራከር አይቻልም። የጊዜውን ዋጋ ከአገልግሎት ማዕከሉ ጠይቁ።

ካርድ ስትሞሉም የሰጣችሁት ብር በሙሉ መብራት አይሆንም። የወር የአገልግሎት ክፍያ ይቀነሳል። ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላ የቆየ ካርድ ከሆነ የተጠራቀመው ባንድነት ይቆረጣል። ስለዚህ አዲስ ቤት ስትገቡ የቀድሞው ተከራይ ዕዳ በእናንተ ብር ላይ እንዳይቆረጥ፣ አከራዩን «የመጨረሻውን ደረሰኝ ያሳዩኝ» በሉ። በገባችሁበትም ቀን ከአከራዩ ጋር ሆናችሁ ቆጣሪው ላይ የሚታየውን ጠቅላላ የኪሎዋት ሰዓት ድምርና ቀሪውን ሂሳብ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ድምሩ ካርድ ሲሞላ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ ስለሆነም ሁልጊዜ ምስክራችሁ እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ካርዱ ያለ አግባብ የሚያልቅ ከሆነ በምን ይታወቃል?

ቆጣሪው ፊት ላይ የምትርገበገብ ቀይ መብራት አለች። አጠገቧም እንደ 1600 imp/kWh ያለ ጽሑፍ አለ። ትርጉሙ 1,600 ጊዜ ስትርገበገብ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተቆጠረ ማለት ነው። ቁጥሩ ከቆጣሪ ቆጣሪ ስለሚለያይ የራሳችሁን አንብቡ። እንግዲህ ቤት ያለውን ዋናውን ብሬከር አጥፉና ሄዳችሁ መብራቷን ተመልከቱ። ዝም ብላ ከበራች ወይም ጭራሽ ከጠፋች ደህና ነው። መርገብገቧን ከቀጠለች ግን ከቆጣሪው ወዲህ፣ ከብሬከራችሁ በፊት፣ ሌላ ሰው ወይም ሌላ መስመር ተቀጥሏል ማለት ነው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ቤት የምትከራይ አንዲት አባላችን «እኔ እኮ ቀን ቤት የለሁም፤ ታዲያ ማን ነው የሚበላው?» እያለች ታማርር ነበር። አከራይዋ ደግሞ «ምጣድሽ ነው» ይላሉ። ከኮሚቴው ሁለት ሰው ሆነን ሄድንና ብሬከሩን አጠፋን። መብራቷ መርገብገቧን አላቆመችም። ሰዓት ይዘን ስንቆጥር በሦስት ደቂቃ ስምንት ጊዜ ሆነ። በአንድ ሰዓት 160 ጊዜ ማለት ነው። 160 ለ1,600 ሲካፈል በሰዓት አንድ አሥረኛ ኪሎዋት ሰዓት፣ በቀን 2.4፣ በወር 72 ይሆናል። ይህ ከሁለት ተኩል ወር የሳምንት ጋገራ ጋር እኩል ነው! መስመሩ ሲፈተሽ የደረጃው ሁለት አምፖሎች፣ ባለ 60 እና ባለ 40፣ ከእሷ ቆጣሪ ላይ ተቀጥለው ቀንም ሌትም ይበሩ ነበር። አከራይዋም አይተው አመኑ፤ መስመሩም በባለሙያ ተነሥቶ ወደ ሕንጻው የጋራ ቆጣሪ ዞረ።

እዚህ ላይ አደራ የምለው፣ ቆጣሪውን ራሳችሁ እንዳትከፍቱ። ማኅተሙ ከተነካ ስርቆት ተብሎ ያስጠይቃል፤ ኤሌክትሪኩም ይገድላል። የቆጠራችሁትን በወረቀት ጽፋችሁ ለአከራዩና ለአገልግሎት ማዕከሉ አመልክቱ። ብሬከሩ ሲጠፋ መብራቷ የምትቆም፣ ሲበራ ደግሞ ዕቃ ሁሉ ተነቅሎም የምትርገበገብ ከሆነ ግን ችግሩ ከቤት ውስጥ ነው። ይህ የተላጠ ሽቦ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ባለሙያ ይጠራ።

የመጨረሻው፣ በአንድ ቆጣሪ ሦስት አራት ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ነው። በነፍስ ወከፍ ወይም በቤት እኩል ማካፈል ጠብ ያመጣል። ከየክፍሉ ብሬከር ፊት ትንሽ ቆጣሪ ማስገጠም ይሻላል። ለሂሳቡ ያህል እንዲህ እንበል። በወሩ ሦስቱ ቤተሰብ በድምሩ 300 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቀሙ፤ በደረሰኞቹ ላይ የተከፈለው ከነአገልግሎት ክፍያው 1,200 ብር ነው። ለአንዱ 4 ብር ደረሰ። ትንንሾቹ ቆጣሪዎች 60፣ 90 እና 150 ካሳዩ፣ የመጀመሪያው 240፣ ሁለተኛው 360፣ ሦስተኛው 600 ብር ይከፍላል። እኩል ቢካፈሉ ኖሮ ባለ 60ው 400 ብር ይከፍል ነበር። አከራዩ በራሱ ዋጋ ሳይሆን በደረሰኙ እንዲያስላ ጠይቁ።

ይሁን እንጂ ትንሿ ቆጣሪ ድርሻን ታስተካክላለች እንጂ ዋጋ አታወርድም። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ሁሉም ወደ ውዱ ደረጃ ይወጣል። ለየቤቱ ለብቻ ቆጣሪ እንዲገባ ማመልከት የሚችለው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ተከራዮች የሁለት ወር ሂሳብ ይዛችሁ በአንድነት ብትጠይቁ ይሻላል፤ አከራዩም ቢሆን ከወር ወር ጭቅጭቅ ይገላገላል።

ቀይ መብራቷን መቁጠር የሚፈልግና ሂሳቡ የሚያስቸግረው አባል ቢኖር፣ ሦስት ነገር ጽፎ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ይምጣ፦ ቆጣሪው ላይ ያለውን የ imp/kWh ቁጥር፣ መብራቷ ስንት ጊዜ እንደተርገበገበች፣ በስንት ደቂቃ። አብረን እናሰላዋለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ