የልብስ ማጠቢያው መኪና በደሎ መናና በሮቤ



አንድ የልብስ ማጠቢያ መኪና በደሎ መና ሳለ የ95 ዲግሪ እጥበቱን ያለ እንከን ይፈጽም ነበር እንበል። ባለቤቱ ወደ ሮቤ ሲዛወር ዕቃው የሐረናን ደንና የሳነቴን አምባ አቋርጦ ይደርሳል። በአዲሱ ቤት ግን ያው እጥበት ከመካከሉ ይቆምና የማሞቅ ጉድለት ምልክት ይበራል። ጠጋኙ ማሞቂያውን ይለውጣል፤ ጉድለቱ ይመለሳል። ውድ የሆነውን የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ይለውጣል፤ አሁንም ይመለሳል። የባለቤቱ ገንዘብ በከንቱ የፈሰሰበትን ምክንያት ለማግኘት፣ በሰሌዳው ላይ የተቀመጠው ቺፕ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ልዩነቱን ለማየት ሁለት የታወቁ ቺፖችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ዜድ 80 ማይክሮፕሮሰሰር ነው፤ በ1980 የወጣው የኢንቴል 8051 ደግሞ ማይክሮኮንትሮለር ነው። ሁለቱም አርባ አርባ እግር አላቸው። የሚለያዩት እግሮቻቸውን በሚያውሉበት ሥራ ነው። ከዜድ 80 እግሮች 16ቱ የማኅደር አድራሻ ይጠራሉ፤ 8ቱ መረጃ ያመላልሳሉ፤ ከቀሩትም አብዛኞቹ ይህንኑ ልውውጥ ያስተናብራሉ። ብቻውን ቢተው አንዳች አይሠራም። ፕሮግራሙን የሚያነብበት ማኅደር፣ ጊዜያዊ ውጤት የሚያስቀምጥበት ሌላ ማኅደር፣ ከውጭ ዕቃዎች ጋር የሚያገናኘው ተጨማሪ ቺፕ በዙሪያው ሊተከሉለት ይገባል። ማስላት ያውቃል፤ እጅ ግን የለውም።

8051 በአንጻሩ 4 ኪሎባይት የፕሮግራም ማኅደር፣ 128 ባይት የሥራ ማኅደርና ሁለት የጊዜ ቆጣሪዎች በሆዱ ይዟል። ማኅደሩ ከውስጥ ስለሆነ 32 እግሮቹ ለውጭው ሥራ ይተርፋሉ። የልብስ ማጠቢያ መኪና የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ አንዱ እግር የበሩን መቆለፊያ፣ ሌላው የውኃ መግቢያውን፣ ሌላው ማሞቂያውን፣ ሌላው የቆሻሻ ውኃ ፓምፑን ያዝዛል፤ ሌሎቹ ደግሞ የውኃውን ከፍታና የከበሮውን ፍጥነት ያዳምጣሉ።

የስሌቱ ሸክም ቀላል ነው። የኢትዮጵያ መብራት በሴኮንድ 50 ዑደት ስላለው አንዱ ግማሽ ሞገድ 10 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል። በብዙ መኪናዎች የሞተሩ ፍጥነት የሚወሰነው በእያንዳንዱ ግማሽ ሞገድ ውስጥ መብራቱ በሚለቀቅበት ቅጽበት ነው። በ12 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ 8051 በዚያች 10 ሚሊሴኮንድ ውስጥ 10,000 የሥራ ዑደት ይፈጽማል፤ ከበቂ በላይ ነው። እዚህ የሚፈለገው ኃይለኛ ሒሳብ ሳይሆን ሰዓት አክባሪነት ነው። በእንፋሎትና በንዝረት መካከል ለሚኖር ሰሌዳ ደግሞ የቺፕና የብየዳ ማነስ ራሱ ዕድሜ ነው፤ ዋጋም ይቀንሳል።

ይህ ምቾት ግን ዋጋ ያስከፍላል። ማይክሮፕሮሰሰር በያዘ ኮምፒውተር ባለቤቱ የወደደውን ፕሮግራም ይጭናል። በማጠቢያው መኪና ውስጥ ግን ፕሮግራሙ ከፋብሪካ ተቀርጾ የመጣ ነው፤ የሚያውቀውም የጻፈው ሰው ያሰበውን ዓለም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሮቤው ጉዳይ መመለስ ይቻላል። ፕሮግራሙ «ውኃው 95 ዲግሪ እስኪደርስ አሙቅ፤ በአንድ ሰዓት ካልደረሰ ጉድለት አሳይ» የሚል ይሁን። ደሎ መና ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ግድም ስለሆነች ውኃ በ95 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ይፈላል፤ ግቡ ለጥቂት ይደረሳል። ሮቤ ግን 2500 ሜትር ግድም ላይ ስላለች ውኃ ከ92 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ጎባማ ከዚያም ዝቅ ባለ ሙቀት። 15 ዲግሪ የሆነውን 12 ሊትር ውኃ ባለ 2 ኪሎዋት ማሞቂያ፣ የሚባክነው ሙቀት ካልተቆጠረ፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ እስከ መፍላት ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚገባው ኃይል ሁሉ እንፋሎት ይሆናል እንጂ ሙቀቱን አይጨምርም። ቺፑ ስለ ተራራ ስለማያውቅ ሰዓቱን ቆጥሮ ጉድለት ያሳውጃል።

ጠጋኙ ይህን የሚለየው ሙቀቱን በየአምስት ደቂቃው በመመዝገብ ነው። ማሞቂያው የተቃጠለ እንደሆነ ሙቀቱ ከመነሻው አይንቀሳቀስም። በኖራ የተሸፈነ ወይም የመብራቱ ቮልቴጅ የወረደ እንደሆነ ዝግ እያለ ይወጣል። ጥፋቱ የከፍታው ሲሆን ግን በደኅና ፍጥነት ወጥቶ በ91 እና በ92 መካከል ይተኛል። በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ 2 ኪሎዋት ማሞቂያ ሲለካ 24 ኦም ገደማ ካሳየ ጤነኛ ነው፤ መለወጥ አያሻውም።

እርግጥ ሁሉም መኪና እንዲህ አይደለም፤ በሩ ላይ 95 ተጽፎበት ፕሮግራሙ ከዚያ ዝቅ ብሎ የሚያቆም አለ፤ እርሱ በሮቤም አይቸገርም። የሚቸገረው ግን ሰሌዳው በተመሳሳይ ሰሌዳ ቢለወጥለትም አይፈወስም፤ አዲሱ ቺፕ ያንኑ ፕሮግራም ይዞ ይመጣልና። ለባለቤቱ የሚቀርለት የ60 ዲግሪውን እጥበት መምረጥ ነው።