ወደ ለንደን ለትምህርት ለሚሄድ ልጅ የመጀመሪያው ዓመት በጀት



የነርስነት ዲግሪዬን የያዝኩት በውጭ አገር ነው፤ ዛሬ የምኖረው በደቡብ ለንደን ክላፋም ነው። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ከደብረ ታቦርና ከአካባቢው ለትምህርት የሚመጡ ልጆች፣ ወይም ወላጆቻቸው፣ ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «በወር ስንት ይበቃታል?»

የመጀመሪያው ዓመት በጀት ግን በወር አይሠራም። በቀን ነው የሚሠራው። ምን ያህል ይወጣል ከሚለው ይልቅ መቼ ይወጣል የሚለው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ትልልቆቹ ወጪዎች የሚመጡት ገቢ ከመጀመሩ በፊት ነው። ይህን ለማሳየት ለሦስት ዓመት የነርስነት ትምህርት በመስከረም የምትመጣ አንዲት ልጅ በምሳሌነት እንውሰድ። የትምህርት ቤት ክፍያዋና የአውሮፕላን ትኬቷ ከዚህ ስሌት ውጭ ናቸው።

መጀመሪያ የሚወጣው የጤና ክፍያ ነው፤ እሱም አገር ቤት ሳለች ነው የሚከፈለው። በቪዛ ማመልከቻው ላይ «ኢሚግሬሽን ኸልዝ ሰርቻርጅ» የሚባል ክፍያ አለ። ከ2024 ፌብሩዋሪ ጀምሮ ለተማሪ በዓመት 776 ፓውንድ ነው። ክፍያው በየዓመቱ አይደለም፤ ለቪዛው ዘመን በሙሉ በአንድ ጊዜ ይከፈላል። የሦስት ዓመት ተማሪ ቪዛ ከትምህርቱ ማብቂያ በኋላ ጥቂት ወራት ስለሚጨመሩበት የሦስት ዓመት ተኩል ይታሰብባታል፤ 2,716 ፓውንድ ማለት ነው። ብዙ ቤተሰብ የአንድ ዓመቱን ብቻ አስቦ እዚህ ላይ ይደነግጣል።

ይህን የከፈለች ልጅ በመንግሥት ጤና አገልግሎት ሐኪም ዘንድ በነጻ ትታያለች፣ ሆስፒታል ትተኛለች። ስለዚህ ሌላ «የጤና ኢንሹራንስ» ግዢ ብሎ የሚያግባባት ደላላ ካለ አትስማው። የማይሸፈነው የጥርስና የመነጽር ወጪ እንዲሁም የመድኃኒት ማዘዣ ነው። በእንግሊዝ አንድ መድኃኒት በማዘዣ 9 ፓውንድ ከ90 ሳንቲም ነው። ዘወትር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነች በዓመት አንዴ የሚከፈል የቅድሚያ ክፍያ ሰርተፊኬት አለ፤ በወር ከአንድ በላይ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይረክሳል። የጥርስ ሕመም ያላት ልጅ ግን ሳትነሣ አገር ቤት ብትታከም ይሻላል። እንደደረሰች ደግሞ ሳትታመም በሰፈሯ ጤና ጣቢያ ትመዝገብ፤ ምዝገባው ነጻ ነው።

ሁለተኛው ወጪ ቤት ነው። ክላፋም ውስጥ የጋራ ቤት አንድ ክፍል፣ መብራትና ውኃ ጨምሮ፣ በሳምንት 230 ፓውንድ ነው ብለን እናስላ። እዚህ ኪራይ ብዙ ጊዜ በሳምንት ይነገራል፣ በወር ይከፈላል። የእኛ ሰው 230ን በ4 ያባዛና 920 ይላል። አከራዩ ግን 230ን በ52 አባዝቶ ለ12 ያካፍላል፤ 997 ይመጣል። በዓመት የሚፈጠረው ልዩነት የአራት ሳምንት ኪራይ ነው።

ከኪራዩ በላይ ማስያዣ አለ። በ2019 በወጣው ሕግ መሠረት በእንግሊዝ ለዚህ ዓይነት ቤት ማስያዣው ከአምስት ሳምንት ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ በእኛ ምሳሌ 1,150 ፓውንድ ነው። ክፍሉን ለሌላ እንዳይሰጥባት የምትከፍለው ቀብድም ከአንድ ሳምንት ኪራይ አይበልጥም። ስለዚህ ቁልፍ በምትቀበልበት ቀን የምታወጣው 1,150 ሲደመር 997፣ ማለትም 2,147 ፓውንድ ነው። አከራዩ ማስያዣውን በ30 ቀን ውስጥ መንግሥት ባጸደቀው የማስያዣ ጥበቃ ድርጅት ማስመዝገብ አለበት። የምዝገባው ወረቀት ካልደረሳት ራሷ ትጠይቅ። ክፍሉን ስትረከብ ግድግዳውን፣ ፍራሹንና ምድጃውን ፎቶ ታንሣ፤ ስትወጣ ማስያዣዋን የሚያስመልስላት እሱ ነው። አከራዩ ራሱ በሚኖርበት ቤት አንዲት ክፍል ከተከራየች ግን ይህ የማስመዝገብ ግዴታ የለም፤ ስለዚህ የከፈለችበትን ደረሰኝ አጥብቃ ትያዝ።

አንድ ነገር ደግሜ እናገራለሁ፤ ክፍሉን በዓይኗ ሳታይ ከአገር ቤት ሆና ማስያዣ አትላክ። ፎቶ ልከው፣ የሌላ ሰው ቤት አሳይተው ገንዘብ የሚበሉ ብዙ ናቸው። ከገበያው በጣም የረከሰ ክፍል፣ «አገር የለሁም፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» የሚል አከራይ፣ ዛሬውኑ ክፈይ የሚል ጥድፊያ፤ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ለንደን ያለን አባላት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማረፊያ መስጠት ከቻልን ልጅቱ ቤቱን አይታ ለመከራየት ጊዜ ታገኛለች።

ሦስተኛው የክረምት ልብስ ነው። እኛ የጉናን ብርድ ስለምናውቅ ብርድ አያስፈራንም እንላለን። የለንደን ብርድ ግን ሌላ ነው፤ እርጥብ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አይለቅም። በረዶ እምብዛም አይወርድም፣ ዝናቡ ግን አያባራም። ስለዚህ ከካፖርት በፊት ውኃ የማያስገባ ጫማ ይቀድማል። አዲስ አበባ ላይ ወፍራም ጃኬት ገዝቶ ሻንጣ መሙላት አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜ ዝናብ አይችልም። መስከረም ገና ለስላሳ ነው፤ ቀስ ብላ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ትግዛ። በክላፋምና በክላፋም ጃንክሽን በኩል የበጎ አድራጎት ሱቆች አሉ፤ ጥሩ ካፖርት በርካሽ ይገኛል። ጫማና የውስጥ ሙቀት ልብስ አዲስ ትግዛ። ወፍራም ብርድ ልብስና አንሶላ ጨምሮ በእኔ ግምት 200 ፓውንድ ይበቃል።

አራተኛው ትራንስፖርት ነው። ክላፋም ያለች ተማሪ ከአውቶቡስና ከምድር ባቡር ትመርጣለች። አውቶቡስ አንድ ጉዞ 1 ፓውንድ ከ75 ሳንቲም ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ብትቀይር ድጋሚ አትከፍልም። የሳምንቱ የአውቶቡስ ፓስ 24 ፓውንድ ከ70 ሳንቲም ነው። ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው በኩል የተማሪ ኦይስተር ካርድ ሲያወጡ የሳምንትና የወር ፓስ 30 በመቶ ይቀነስላቸዋል፤ በወር 66 ፓውንድ አካባቢ ይሆናል። ልብ በሉ፤ ቅናሹ በፓስ ላይ ነው እንጂ በየጉዞው በሚቆረጠው ሒሳብ ላይ አይደለም። 155 ቁጥር አውቶቡስ በአንድ ወገን የሳውዝ ባንክ ዩኒቨርሲቲ ወዳለበት ኤሌፋንት ኤንድ ካስል፣ በሌላ ወገን ወደ ቱቲንግ ሴንት ጆርጅስ ሆስፒታል ይወስዳል። ቤት ስትፈልግ ኪራዩን ብቻ ሳይሆን ጠዋት በአንድ አውቶቡስ ሥራ ልምምድ መድረስ መቻሏን ትይ። በ30 ፓውንድ የረከሰ ክፍል በምድር ባቡር ምክንያት ሊወደድ ይችላል።

አሁን እንደምር። ኪራይ 997፣ አውቶቡስ 66፣ ምግብ 200፣ ስልክና ልዩ ልዩ 37፤ በወር 1,300 ፓውንድ። በዓመት 15,600። በዚህ ላይ ማስያዣ 1,150፣ ልብስና አልጋ ልብስ 200፣ የጤና ክፍያ 2,716 ሲጨመር 19,666 ፓውንድ ይሆናል። ለቪዛ ባንክ ውስጥ አሳዩ የሚባለው ገንዘብ፣ ለለንደን ከ2025 ኖቬምበር ጀምሮ በወር 1,529 ሆኖ የዘጠኝ ወር ነው፤ 13,761 ፓውንድ። የሚታየው ገንዘብና የሚያስፈልገው ገንዘብ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ ተመልከቱ። ያን ገንዘብ ለ28 ቀን ተበድሮ አሳይቶ የመለሰ ቤተሰብ ልጁን ባዶ እጁን ነው የላከው።

«ሠርታ ትሸፍናለች» ይባላል። የተማሪ ቪዛ በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቅዳል። ነገር ግን የነርስነት ተማሪ 2,300 ሰዓት የሆስፒታል ልምምድ ማሟላት አለባት፤ ያ ደግሞ አይከፈልበትም። በልምምድ ሳምንታት 37 ሰዓት ተኩል ቆማ ከዋለች በኋላ ሌላ 20 ሰዓት ልትሠራ አትችልም። በአማካይ 10 ሰዓት እንበል። በ2025 ኤፕሪል በጸናው ዝቅተኛ ደመወዝ፣ በሰዓት 12 ፓውንድ ከ21 ሳንቲም፣ በወር 529 ፓውንድ ታገኛለች። ሥራ ፈልጋ፣ ማጣሪያ አልፋ እስክትጀምር ሦስት ወር ይሄዳል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት የምታገኘው የዘጠኝ ወር ብቻ ነው፤ 4,761 ፓውንድ። የቀረው ወደ 15 ሺህ ፓውንድ የሚጠጋው ከሌላ መምጣት አለበት።

ይህን ካየን በኋላ ወደ አገር ቤት ስለሚላከው ገንዘብ መነጋገር እንችላለን። ደመወዟ 529 ሆኖ ኪራይዋ 997 የሆነ ልጅ ገንዘብ ላከች ማለት፣ አጎቷ የሰጣትን ገንዘብ የማስተላለፊያ አስቆርጣ ለአጎቷ መለሰችለት ማለት ነው። እኔ የምመክረው ይህን ነው። የአንድ ወር ወጪዋ፣ 1,300 ፓውንድ፣ በመጠባበቂያነት ሳይነካ መኖሩ እስኪረጋገጥ ምንም አትላክ። መስከረም ከመጣች ያ ቢፈጥን ፋሲካ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ከደመወዟ አንድ አሥረኛውን፣ 50 ፓውንድ ገደማ፣ በየወሩ ታስቀምጥና በሦስት ወር አንዴ ትላክ። የማስተላለፊያው ዋጋ 3 ፓውንድ ቢሆን፣ 50 ሲላክ ስድስት በመቶ ይሄዳል፤ 150 በአንዴ ሲላክ ሁለት በመቶ ብቻ ነው።

«ክፍያ የለውም» የሚለው ማስታወቂያ አያታልላት፤ ትርፉን በምንዛሬው ውስጥ ያገኘዋል። ብር በ2024 ሐምሌ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የባንኮቹ ዋጋ ስለሚለያይ ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን፤ «150 ፓውንድ ብልክ እናቴ እጅ ስንት ብር ይገባል?» ብር የሚበዛበትን ትምረጥ። ከሁሉ በላይ «በሒሳብሽ ገንዘብ ላስገባና ለእገሌ አስተላልፊልኝ» የሚላት ሰው ቢመጣ፣ የአገሯ ልጅም ቢሆን፣ እምቢ ትበል። የሌላ ሰው ገንዘብ ያለፈበት የባንክ ሒሳብ ይዘጋል፣ በወንጀልም ያስጠይቃል።

ወላጆች፣ ልጃችሁን ከመሸኘታችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ አራት ቀኖች ጻፉ፤ የጤና ክፍያው የሚከፈልበት፣ ቁልፍ የምትቀበልበት፣ የመጀመሪያ ደመወዟ የሚገባበት፣ እና የመጀመሪያውን ገንዘብ የምትልክበት። ከእያንዳንዱ ቀን ጎን ገንዘቡ ከማን እንደሚመጣ ይጻፍ። ከአንዱ ቀን ጎን ስም ከጎደለ፣ ትኬቱ ሳይቆረጥ እንነጋገርበት።