አትክልት ከማሳ እስከ መግቢያ በራችን
በነዋሪዎች ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተሰጠ ማብራሪያ



እንደምታውቁት የመንደራችን ልጆች የሆኑ አራት ወጣቶች ከገበሬ ማሳ ትኩስ አትክልት እያመጡ ለፎቅ ነዋሪ ለማከፋፈል ተነሥተዋል። አሁን አሁን ስታርታፕ የሚሉት ዓይነት ሥራ መሆኑ ነው። ለኮሚቴው ሲያስረዱ «የአሳንሰር ንግግር አዘጋጅተናል» አሉን። ምንድነው ብንላቸው፣ አንድ ሰው በአሳንሰር ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ እስኪደርስ ድረስ ተነግሮ የሚያልቅ አጭር ንግግር ነው አሉ። የእኛ አሳንሰር የሚቆምበት ቀን ስለሚበዛ ሰፋ አድርጋችሁ ብትናገሩም ችግር የለም ብለናቸው ተሳሳቅን።

የመጀመሪያው ንግግራቸው እንዲህ ይል ነበር፦ «የፈለጋችሁትን አትክልት፣ በፈለጋችሁት ሰዓት፣ እስከ ቤታችሁ በር እናመጣለን።» ለጆሮ ደስ ይላል። ነገር ግን ያከሰራቸው ይኸው ንግግር ነው። እንዴት እንደሆነ ደግሞ እኛው ራሳችን አይተናል።

በሙከራው የመጀመሪያ ማክሰኞ ከ200 ያህል ቤቶቻችን መካከል ያዘዙት 15 ብቻ ነበሩ። መኪና ወደ ሆለታ ደርሶ መልስ በ3,000 ብር ተከራዩ። ሂሳቡን ኮሚቴው ተቀምጦ ሠራው፤ ለ15 ቤት ሲካፈል በአንድ ቤት 200 ብር ይደርሳል። ልጆቹ ግን ያስከፈሉት 50 ብር ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቤት 150 ብር፣ በአንድ ቀን 2,250 ብር ከኪሳቸው ወጣ። መኪናው የጫነው ከ100 ኪሎ ብዙም ያልበለጠ ስለነበር ባዶውን መጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ብቻ አይደለም። ሰዉ ምን እንደሚያዝ አስቀድመው ስላላወቁ ጎመኑን በግምት ገዝተው ነበር፤ የተረፈው እስከ ረቡዕ ጠወለገ። አንደኛው ልጅ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ዋለ፤ አንዱ ቤት ሰው የለም፣ ሌላው ስልክ አያነሳም። ሦስት ቤቶች በር ላይ ትቶት የሄደው ቆስጣ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ማታ ባለቤቶቹ ሲመጡ የሚበላ አልነበረም። ታዲያ ማን ይወቀስ? ጥፋቱ የአትክልቱም የልጆቹም አልነበረም፤ «በፈለጋችሁት ሰዓት» ያለው ቃል ነው።

በመሆኑም ከልጆቹ ጋር ሆነን ንግግሩን እንደገና ጻፍነው። አሁን እንዲህ ይላል፦

«እስከ እሑድ ማታ ታዝዛላችሁ፣ ትከፍላላችሁ። ገበሬው የታዘዘውን ያህል ብቻ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ይቆርጣል። በዚያው ቀን ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ከሕንፃችሁ መግቢያ ትረከባላችሁ። ለአንድ ቤት 6 ኪሎ ነው፤ ድንች 2፣ ካሮት 1፣ ሽንኩርት 1፣ ቲማቲም 1፣ ጎመንና ቆስጣ ተደምሮ 1። ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ተጽፎበታል። ይህን ለማድረግ 60 ቤት ያስፈልገናል።»

አለቀ። እዚህ ውስጥ ያለ ምክንያት የገባ ነገር የለም፤ ዋና ዋናውን እናስረዳ።

60 ቤት የተባለው በሂሳብ ነው። ያው 3,000 ብር ለ60 ሲካፈል በቤት 50 ብር ይሆናል፣ ልጆቹም አይከስሩም። 40 ቤት ከሆነ 75 ብር ይደርሳል፣ ያኔ ብዙዎቻችሁ ወደ ጉልት እንደምትመለሱ እናውቃለን። በሌላ በኩል 60 ቤት በስድስት ኪሎ 360 ኪሎ ስለሆነ ትንሿ መኪና በደንብ ትችለዋለች። በአንድ ቀን፣ በአንድ በር መሆኑም ለዚሁ ነው። በርግጥ ለአረጋውያንና ለአራስ ቤት ልጆቹ ላይ ድረስ ይወጣሉ፤ ስማችሁን ብቻ አስመዝግቡ።

ማክሰኞ የተመረጠው በእናቶች ሐሳብ ነው። ለረቡዕ ጾም ይደርሳል፣ ለዓርብም ካሮቱና ድንቹ ይቆያል። የማይጾመውም ቢሆን በሳምንቱ አጋማሽ ቤቱ ባዶ ስለሚሆን አልተቃወመም።

ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ይጻፍ ያልነው ኮሚቴው ነው። በአቃቂ ወንዝ ውሃ በሚለማ ቅጠላ ቅጠል ላይ ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጣ እርሳስንና ካድሚየምን የመሰለ ከባድ ብረት መገኘቱን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ይህ ደግሞ ታጥቦ የሚለቅ አይደለም፤ በሥሩ በኩል ወደ ቅጠሉ የሚገባ ነው። በገበያ ላይ የተቆለለውን ጎመን አይቶ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ገበሬው ለደላላ፣ ደላላው ለጫኝ፣ ጫኙ ለአከፋፋይ፣ አከፋፋዩ ለቸርቻሪ ሲያሳልፈው መነሻው ይጠፋል። ልጆቹ የሚያመጡት ጎመን ከሆለታ ገበሬ በጉድጓድ ውሃ የለማ ነው፤ ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች ሄደው ጉድጓዱን አይተዋል።

ሁሉም ግን ከሆለታ አይመጣም፤ ይህን ሳንነግራችሁ ብናልፍ ትክክል አይሆንም። ሆለታ ደጋ ስለሆነ ለድንች፣ ለካሮትና ለጎመን ይመቻል። ቲማቲምና ሽንኩርት የሚመጣው ሞቅ ካለው ከመቂ ነው፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ልጆቹ በሌሊት ከሚገባ የጭነት መኪና ላይ ቃሊቲ ይረከቡታል። በሁለተኛው ሳምንት ቲማቲሙ በትልቅ የእንጨት ሣጥን መጥቶ የታችኛው ክፍል ፈርጦ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አሁን ዝቅ ያለ የፕላስቲክ ሣጥን ገዝተዋል። ገበሬውም መቅላት ሲጀምር እንዲለቅም ተነግሮታል። ስለዚህ ግማሽ ቀይ ቲማቲም ሲደርሳችሁ አትቆጡ። ፍሪጅ ውስጥ ካስገባችሁት በደንብ ሳይበስል ጣዕሙ ይጠፋል፤ ውጭ ይቀመጥ፣ በሁለት በሦስት ቀን ይቀላል። በክረምት ዝናቡ ሲበዛ ቲማቲም በበሽታ ስለሚመታ አንዳንድ ሳምንት ይቀራል፣ በምትኩ ቀይ ሥር ወይም ጥቅል ጎመን ይገባል።

ካሮቱ ከነአፈሩ ነው የሚመጣው። ሳይታጠብ የቆየ ካሮት ከታጠበው ይሻላል፣ ደግሞም በምን ውሃ እንደታጠበ መጠራጠር ይቀራል። የጎመኑን ትኩስነት ለማወቅ ግንዱን ጎንበስ አድርጉት፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ የዛሬ ነው፣ እንደ ገመድ ከታጠፈ የቆየ ነው። የቆየ ከሆነ እዚያው በር ላይ መልሱት፣ ገንዘባችሁ ይመለሳል። ሚዛንም በዘበኛው ቤት ተቀምጧል፣ መዝኑ እንጂ አትፈሩ።

አንድ አባታችን ባለፈው ስብሰባ «በራችን ላይ ጉልት የሚቸረችሩት እናቶችስ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ጥያቄው ከባድ ነው። ልጆቹ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያና ሎሚ እንዳያመጡ፣ ይህ ለጉልት እንዲተው ተስማምተናል። እንደዚያም ሆኖ የጎመን ገበያቸው መቀነሱ አይቀርም። ከሦስት ወር በኋላ እናቶቹን ራሳቸውን ጠርተን እንሰማለን።

እስከ ዛሬ የተመዘገበው 43 ቤት ነው። የሆለታው ገበሬ ለእኛ የሚሆን መደብ ጎመን ለመትከል ቁጥሩን ማወቅ ይፈልጋል። የልጆቹ ቁጠባ ደግሞ ከሁለት ማክሰኞ ኪሳራ በላይ አይችልም። መዝገቡ ዘበኛው ጋ ነው። እስከ እሑድ ምሽት 12 ሰዓት ድረስ 60 ካልሞላ ሥራው ይቆማል፣ የከፈላችሁትም ሰኞ ጠዋት በፊርማ ይመለስላችኋል።