«ብይ» ሲባል ፍቅር፣ «ላኩ» ሲባል ትዕዛዝ

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ እንጂ የቋንቋ መምህር አይደለሁም። ነገር ግን በሂሳብ ክፍል በኩል የሚገባውና የሚወጣው ደብዳቤ ከፊሉ በአማርኛ፣ ከፊሉ በእንግሊዝኛ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ቁጥሩ ትክክል፣ ፊርማው ትክክል፣ ማኅተሙ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ አንዲት ግስ ብቻ ተቀባዩን ቅር ታሰኛለች ወይም ጉዳዩን ሳምንታት ታዘገያለች። ዛሬ ስለዚያች ግስ ልናገር። ግሷ ትዕዛዝ አንቀጽ የምንላት ናት፦ ነይ፣ ስጪ፣ ላኩ፣ ብሉ።

ከራሳችን ቤት እንጀምር። እንግዳ ሲመጣ ምን እንላለን? «ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ጠጋ በይ፣ ብይ እንጂ፣ በሞቴ አንድ ጉርሻ!» ይህ ሁሉ በሰዋስው ትዕዛዝ ነው። ሆኖም የተከፋ እንግዳ የለም። እንዲያውም «መብላት ትፈልጊያለሽ?» ብለን ብንጠይቃት ነው የምትቀየመው። «ምግቡ ከሌለ ዝም አይሉም ወይ» ትላለች በልቧ። ጥያቄው እምቢታን ይጋብዛል፤ ትዕዛዙ ግን «ቤቱ ያንቺ ነው፣ ማሰብ የለብሽም» ማለት ነው።

ለራሳችን ጉዳይ ስንጠይቅም ያው ነው። ጎረቤት ለጎረቤት «እስቲ ወንፊትሽን አውሺኝ» ትላለች። «እባክሽ» የለበትም። ግን ባዶ ትዕዛዝም አይደለም፤ ለስላሳነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። «እስቲ» አለች። «ነይማ»፣ «ስጪኝማ» ስንል ያቺ «ማ» አለች። «ያዢልኝ» ስንል «ልኝ» አለች፤ ለእኔ ብለሽ አድርጊው ማለት ነው። ግሱን ራሱንም እናለዝበዋለን። «በሩን ክፈቺ» ከማለት «ከፈት አድርጊው» እንላለን፤ «ቀንሺ» ከማለት «ቀነስ አድርጊ» እንላለን። ነገሩ ያው ነው፤ ክብደቱ ግን ይቀንሳል።

ከሁሉም በላይ አማርኛ አክብሮትን በግሱ ውስጥ ያስቀምጣል። ለወንድ ልጅ «ና»፣ ለሴት ልጅ «ነይ»፣ ለብዙዎች «ኑ»፣ ለታላቅ ሰው «ይምጡ» እንላለን። «ይምጡ» ያልኩት ሰው ማክበሬን ወዲያው ያውቃል። «እትዬ»፣ «ጋሼ» ከተጨመረበት ሌላ ቃል አያስፈልገውም።

«እባክዎ»ስ? አለን፤ ግን ቦታው ሌላ ነው። በር ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያና በደብዳቤ ላይ ያምርበታል። በልመና ጊዜ፣ ሰው ሲጨነቅ፣ እንጠቀምበታለን። ደግሞ «ተይ እባክሽ!» ስንል አላመንኩሽም ማለታችን ነው፤ «እባክሽ ዝም በይ» ስንል ደግሞ ትዕግሥታችን አልቋል። እህት ለእህቷ በማዕድ ላይ «እባክሽ ጨው አቀብይኝ» ብትላት፣ «ምን ሆነሽ ነው?» መባሏ አይቀርም።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው እንሻገር። በእንግሊዝኛ «ና» እና «ይምጡ» አንድ ቃል ናቸው። ለሕፃን፣ ለጓደኛ፣ ለሚኒስትር ግሱ አይለወጥም። ስለዚህ አክብሮቱን ግሱ ሊሸከመው አይችልም፤ ከግሱ ውጭ መቀመጥ አለበት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን የሚያደርጉት በአብዛኛው ትዕዛዙን ወደ ጥያቄ በመለወጥ ነው፦ «ልትልኩልን ትችሉ ይሆን?»፣ «ብትልኩልን ቅር ይላችኋል?» ጥያቄው ስለ ችሎታ አይደለም። ለሰሚው እምቢ የማለት በር የተከፈተለት ለማስመሰል ነው፤ አክብሮታቸው ያ የተከፈተ በር ነው። የእኛ አክብሮት ሰውን ወደ ውስጥ መሳብ ሲሆን፣ የእነሱ ቦታ መስጠት ነው።

ይህ ልዩነት የእኛ ብቻ አይደለም። አና ቪዬዥቢትስካ የተባለች በፖላንድ የተወለደች፣ በአውስትራሊያ የምትኖር የቋንቋ ምሁር በ1985 እ.ኤ.አ. ፖላንድኛንና እንግሊዝኛን አነጻጽራ ጽፋ ነበር። በፖላንድኛም እንግዳን «ተቀመጪ፣ ተቀመጪ!» ማለት ደግነት ነው፤ የእንግሊዝኛውን የጥያቄ ስልት ቃል በቃል ወደ ፖላንድኛ ቢያመጡት ግን እውነተኛ ጥያቄ ይመስላል። ከእሷ ቀጥሎ በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመ የበርካታ አገር ተመራማሪዎች ሥራ ሰዎች እንዴት እንደሚጠይቁ ሲያወዳድር፣ የአርጀንቲና ስፓኒሽና ዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ከአውስትራሊያ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይበልጥ በቀጥታ እንደሚጠይቁ አሳይቷል። ስለዚህ በቀጥታ የሚናገር ሁሉ ባለጌ አይደለም፤ ዙሪያውን የሚናገርም ሁሉ ጨዋ አይደለም።

ይህ ለማኅበራችን ምን ያደርጋል? በምሳሌ እንየው። አንድ ለጋሽ ድርጅት ለልብስ ስፌት ሥልጠና በሁለት ዙር ገንዘብ ይሰጣል እንበል። የመጀመሪያው ዙር ሂሳብ ሲወራረድ ሁለተኛው ይለቀቃል። እኛ ማወራረጃውን ልከን እንጽፋለን፦ «የሁለተኛውን ዙር ክፍያ እስከ ወሩ መጨረሻ ይላኩልን።» በአማርኛ ይህ ደብዳቤ ምንም እንከን የለውም። «ይላኩ» አክብሮት ነው፤ «ልን» ደግሞ ለእኛ ብላችሁ ማለት ነው።

አሁን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ እንመልሰው። «ይ» የለም፣ የ«ልን» ለዛም ጠፍቷል። የቀረው «ክፍያውን እስከ ወሩ መጨረሻ ላኩ» ነው። አንባቢው ዕዳ ሰብሳቢ የጻፈለት ይመስለዋል። «እንግዲያው ፕሊስ እንጨምርበት» ትሉ ይሆናል። ጥቂት ይረዳል፤ ግን «ፕሊስ» ብቻውን ትዕዛዙን ጥያቄ አያደርገውም። ባንክ ለደንበኛው፣ አለቃ ለሠራተኛው የሚጽፈውም እንዲሁ ነው፦ «ፕሊስ ላኩ» ማለት እምቢ ትላላችሁ ብዬ አልጠብቅም ማለት ነው። የሚያስኬደው ይህን የመሰለ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «የመጀመሪያው ዙር ማወራረጃ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ሥልጠናው በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ስለሚከፈት፣ ሁለተኛውን ክፍያ እስከ ወሩ መጨረሻ ልትልኩልን ብትችሉ ምስጋናችን የላቀ ነው።» ምክንያቱ ቀድሟል፤ ቀኑ አልጠፋም፤ በሩም ተከፍቷል።

የሚመጣው ደብዳቤ ደግሞ በተቃራኒው ያስቸግራል፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚያዘገየን እሱ ነው። ለጋሹ እንዲህ ብሎ ይጽፋል እንበል፦ «ስለ ሪፖርቱ በጣም እናመሰግናለን። ዋናዎቹ ደረሰኞች ቢያያዙ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ሲመቻችሁ ብትልኩልን፣ ምናልባት ከ30 በፊት።» በአማርኛ ጆሮ ይህ ምንም የሚያስቸኩል ነገር የለበትም። አመስግነውናል፣ «ሊሆን ይችላል» ብለዋል፣ «ሲመቻችሁ» ብለዋል። ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ይገባል። በእነሱ በኩል ግን የተጻፈው «ደረሰኙ ከ30 በፊት ካልደረሰ ክፍያው አይለቀቅም» ሊሆን ይችላል። 30 ያልፋል። እነሱ «ጠይቀን ዝም አሉን» ይላሉ፤ እኛ «ገንዘቡን ያዙብን» እንላለን። በሁለቱም በኩል የዋሸ ሰው የለም። ሥልጠናው ግን አልተከፈተም፤ የተመዘገቡት እህቶችም ቤታቸው ይጠብቃሉ።

ታዲያ ለስላሳው ዐረፍተ ነገር አስተያየት ይሁን ግዴታ በምን ይታወቃል? እኔ ሦስት ነገር እመለከታለሁ። አንደኛ፣ ቀን አለበት? ቀን የተቆረጠለት አስተያየት እምብዛም የለም። ሁለተኛ፣ የተጠየቀው ነገር በውላችን ላይ አለ? ዋና ደረሰኝ ማያያዝ በውሉ ከተጻፈ፣ በደብዳቤው ላይ ምንም ያህል ቢለሳለስ ግዴታ ነው። ሦስተኛ፣ ተደግሟል? በሁለተኛው ደብዳቤ ያው ነገር እንደገና ለስለስ ብሎ ከመጣ፣ ጸሐፊው ትዕግሥቱ እያለቀ ነው። ያም ሆኖ ካልለየ መጠየቅ ነው፦ «ይህ ለሁለተኛው ክፍያ የግድ ያስፈልጋል ወይስ አስተያየት ነው?» በእንግሊዝኛ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሁሉንም ነገር ግን በዚህ መለካት አይቻልም። በእንግሊዝኛም ባዶ ትዕዛዝ የሚወደድበት ቦታ አለ። ጥቅሙ ለሰሚው ሲሆን፣ «ተቀመጪ»፣ «አንድ ጨምሪ»፣ «ደኅና ግቢ» ይላሉ። ለአደጋና ለምግብ አሠራር መመሪያም እንዲሁ ነው። በእኛም በኩል ትዕዛዝ ሁሉ ፍቅር አይደለም። እናታችን የምትሆን ሴት «ይምጡ» እንጂ «ነይ» አትባልም። ለራሳችን ጉዳይ ታላቅ ሰው ስናስቸግር ደግሞ «ይስጡኝ» ብቻ አይበቃም፤ «ባያስቸግርዎ» ወይም «ቢሰጡኝ» እንላለን። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ እኛም እንደ እንግሊዝኛው በር እንከፍታለን።

ልዩነቱ በደብዳቤ ብቻ አያበቃም። ጎብኚዎች ሲመጡ «ብሉ፣ ብሉ» የምንለው ከልብ ነው፤ ለአንዳንዶቹ ግን ግፊት ይሆንባቸዋል። ሁለት ጊዜ ብለን ሳህኑን አቅርበን መተው ይበቃል። እነሱ ዘንድ ስንሄድ ደግሞ «ቡና ትፈልጊያለሽ?» የምትባለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በይሉኝታ «አይ፣ ይቅርብኝ» ያለች ቡናውን አታየውም፤ የጠየቀቻት ሴት ግን ንፉግ አይደለችም፤ ቃሏን አክብራላት ነው።

በውጭ አገር ልጆች የምታሳድጉ ደጋፊዎቻችንም ይህን ታውቁታላችሁ። ልጁ አያቱን «ውሃ ልትሰጪኝ ትችያለሽ?» ሲላት ጨዋነቱን ከእንግሊዝኛ ተርጉሞ ነው፤ እሷ ግን «ለምን አልችልም?» ትላለች። «እማማ፣ እስቲ ውሃ ይስጡኝ» ማለትን ብታስተምሩት በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ነገር ያውቃል፦ መጠየቅንም ማክበርንም።

ለጋሾቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ስትጽፉልን አጭርና ቀጥተኛ ብትሆኑ አንከፋም። «ደረሰኙን እስከ 30 ላኩልን» ብላችሁ ጻፉ፤ እኛ የምናነበው እንደ ቤተሰብ ቃል ነው። እናንተ አባላት ደግሞ ለውጭ የሚሄድ ደብዳቤ ስታረቅቁ አማርኛውን በልባችሁ እንደለመዳችሁት ጻፉ፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ግን ግሱን ሳይሆን አክብሮቱን እንተርጉም። ከዚህ ወር ጀምሮ የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ከመታተሙ በፊት ሌላ አንባቢ ትዕዛዝ አንቀጾቹን በእርሳስ እንድታሰምርባቸው ሐሳብ አቀርባለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።