ሐሳብና ቋንቋ በየሚዛናቸው



በኢትዮጵያ የምህንድስና ተማሪ የቤተ ሙከራ ዘገባውን የሚጽፈው አፉን በፈታበት ቋንቋ ሳይሆን በእንግሊዝኛ ነው። አራሚው ለዘገባው አንድ ነጥብ ብቻ የሰጠ እንደሆነ የሰዋስው ስሕተትና የሐሳብ ስሕተት በዚያ ነጥብ ውስጥ ይደባለቃሉ። ስለዚህም ተማሪው ምን እንደ ጎደለው፣ መምህሩም ምን ማቃናት እንደሚገባው መለየት ያዳግታል።

ለምሳሌ ያህል ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ የተጻፉ ሁለት ዘገባዎች ይታሰቡ። በሙከራው ላይ የውሃው ክብደት ከሲሚንቶው ክብደት 0.5 እጅ ወደ 0.65 እጅ ከፍ ሲል፣ በ28ኛው ቀን የተሰበሩት ኩቦች ጥንካሬ ቀንሷል። የመጀመሪያው ተማሪ ግሦቹን ከባለቤቶቻቸው ጋር አላስማማም፤ ኃላፊውንና የአሁኑን ጊዜም አደባልቋል። ነገር ግን ከሲሚንቶው ጋር ያልተዋሐደው ትርፍ ውሃ በኮንክሪቱ ውስጥ ረቂቅ ቀዳዳዎች እንደሚተውና ጥንካሬው የቀነሰው በዚሁ ምክንያት እንደ ሆነ አስረድቷል። ሁለተኛው ግን ውሃ በበዛ ቁጥር ኮንክሪቱ ይጠነክራል ሲል ባማረ እንግሊዝኛ ደምድሟል፤ የገዛ ሠንጠረዡ ይቃወመዋል። እንዲህም ሆኖ አራሚው ለመጀመሪያው 50፣ ለሁለተኛው 70 ቢሰጥ አያስደንቅም። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1920 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፣ መዛኝ በአንድ ነገር ያደነቀውን ሰው በሌላውም ነገር ከፍ አድርጎ የመመዘን ዝንባሌ አለው።

መፍትሔው ሁለት ጊዜ ማንበብ ነው። አራሚው አስቀድሞ የሚፈለጉትን ሐሳቦች ይዘረዝራል፤ ይኸውም ምን እንደ ተለካ፣ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ፣ መደምደሚያው ከሠንጠረዡ የሚወጣ መሆኑን ነው። በመጀመሪያው ንባብ በሰዋስው ላይ ምልክት ሳያደርግ የሁሉንም ተማሪዎች ሐሳብ ከ70 ይመዝናል፤ ነጥቡንም በሌላ ወረቀት ይይዛል። ከዚያ በኋላ ወረቀቶቹን አደባልቆ ቋንቋውን ከ30 ያርማል። በዚህ አኳኋን የመጀመሪያው ተማሪ 58 እና 12፣ ሁለተኛው 28 እና 27 ሊያገኙ ይችላሉ። ለተማሪው የሚነገረው ድምሩ ብቻ ሳይሆን ሁለቱም ቁጥሮች ናቸው።

አስቸጋሪው ነገር ትርጉም የሚለውጥ ስሕተት ነው። ተማሪው «ቀነሰ» ለማለት «ጨመረ» ቢል፣ አራሚው ከዐረፍተ ነገሩ ቀጥሎ ያለውን ማስረጃ ይመልከት። ማስረጃው መቀነሱን የሚከተል ከሆነ ጥፋቱ የቃል ነው፤ መጨመሩን የሚከተል ከሆነ ግን የሐሳብ ነው። ማስረጃ ከሌለ ተማሪውን ጠርቶ በቃል መጠየቅ ይሻላል።

ሁለቱ ሚዛኖች በእርግጥ መለያየታቸውንም መፈተን ይቻላል። የጥቂት ወረቀቶች ሰዋስው ብቻ ታርሞ እንደ ገና ይጻፍና ዋናውን ላላየ ባልደረባ ይሰጥ። የታረሙት ወረቀቶች የሐሳብ ነጥብ በተደጋጋሚ ከፍ ካለ፣ ቋንቋው ወደ ሐሳቡ ሚዛን ሾልኮ ገብቷል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ቋንቋን ለማቃለል አይደለም። በሥራ ውል ላይ «ቢያንስ» በሚባልበት ቦታ «ቢበዛ» ብሎ የሚጽፍ መሐንዲስ ሕንፃ ሊያበላሽ ይችላል። ስለሆነም የቋንቋ ጉድለት በራሱ ስም ይመዝገብ፤ በሐሳብ ስም ግን አይቀጣ።