ጀማሪው በየትኛው ፈተና ይጀምር?
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ስሙን ከከብት ማረጃው ድርጅት ባገኘው በቄራ ሰፈር፣ ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ጎፋ በሚወስደው መንገድ ዙሪያ፣ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያላገኘ አንድ ወጣት አለ እንበል። ኮምፒዩተር ይወዳል፤ የጎረቤት ማሽን ሲበላሽም የሚጠራው እርሱ ነው። ነገር ግን የሥራ ልምድ የሚል ወረቀት በእጁ የለም። ታላቅ እኅቱ ለአንድ ፈተና የሚበቃ ገንዘብ ልትሰጠው ቃል ገብታለታለች፤ ለሁለት ግን አይበቃም። በፊቱ የቀረቡት ሁለት የምስክር ወረቀቶች ናቸው፤ አንደኛው ኮምፕቲያ የተባለው ድርጅት የሚሰጠው ኤ-ፕላስ፣ ሁለተኛው ሲስኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሰጠው ሲሲኤንኤ ነው። የማኅበሩ አባላት በየመሥሪያ ቤታቸው ይህን መሰል ጥያቄ ሳይቀርብላቸው የሚውል ወር ጥቂት ነው፤ የሚሰጠውም መልስ ብዙውን ጊዜ «ሁለቱም ጥሩ ናቸው» የሚል ነው። እንዲህ ያለው መልስ ለእኅቲቱ ገንዘብ አይጠቅምም።

በቅድሚያ የፈተናዎቹን ቅርጽ ማየት ይገባል። ኤ-ፕላስ ሁለት ፈተናዎች አሉት፤ ሁለቱንም ያላለፈ ሰው ምስክር ወረቀቱን አያገኝም። እያንዳንዱ 90 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን የጥያቄው ብዛት ከ90 አይበልጥም። የመጀመሪያው ስለ ኮምፒዩተሩ አካላት፣ ስለ ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎችና ስለ ኔትወርክ መሠረታዊ ነገሮች ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ስለ ደኅንነትና ስለ አሠራር ሥርዓት። ሲሲኤንኤ በአንጻሩ 120 ደቂቃ የሚወስድ አንድ ፈተና ነው፤ ነገሩም ከዳር እስከ ዳር ኔትወርክ ነው። ለሁለቱም ቀዳሚ የምስክር ወረቀትም ሆነ የሥራ ልምድ በግዴታ አይጠየቅም፤ ሁለቱም ከሦስት ዓመት በኋላ መታደስ አለባቸው።

ይሁንና ልዩነታቸው በትክክል የሚታወቀው በርዕሶቻቸው ዝርዝር ሳይሆን በአንድ ብልሽት ላይ ነው። ስለዚህ አንድ አነስተኛ ትምህርት ቤት በቄራ አለ እንበል። በተማሪዎች ክፍል 50 ኮምፒዩተሮች፣ በሒሳብ ክፍል 25 ኮምፒዩተሮች አሉት። የኔትወርኩ አድራሻ 192.168.10.0 ሲሆን ለሁለት ተከፍሏል። ለተማሪዎቹ ክፍል 64 አድራሻዎች፣ ማለትም ከ192.168.10.0 እስከ 192.168.10.63 ድረስ ያሉት ተሰጥተዋል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ለመሣሪያ ስለማይሰጡ ለሥራ የሚውሉት 62 ናቸው። ለሒሳብ ክፍሉ ደግሞ ከ64 እስከ 95 ያሉት 32 አድራሻዎች ደርሰውታል፤ ከእነዚህም 30ዎቹ ለሥራ ይውላሉ። የተማሪዎቹ ክፍል መውጫ በር፣ ማለትም ሩተሩ፣ 192.168.10.1 ነው።

አንድ ቀን በተማሪዎቹ ክፍል መዝገብ የሚይዙት ወይዘሮ ወጣቱን ጠርተው «ልጄ፣ ኢንተርኔቱ ዛሬም እምቢ አለኝ» ይሉታል። አቤቱታው አንድ ዓይነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ሊሆን ይችላል። ወጣቱ በማሽኑ ላይ ይህን ትእዛዝ ይጽፋል፦

```
ipconfig
```

የሚያነበው አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ቢሆን፣ ማሽኑ አድራሻ ጠይቆ መልስ በማጣቱ ለራሱ አድራሻ ፈጥሯል ማለት ነው። ይህን ማወቅ የኤ-ፕላስ ትምህርት ነው። ቀጥሎ የሚደረገውም በኤ-ፕላስ ተደርድሯል፦ ችግሩን መለየት፣ ምክንያቱን መገመት፣ ግምቱን መፈተን፣ የመፍትሔ ዕቅድ አውጥቶ መፈጸም፣ ሁሉ ነገር እንደሚሠራ ማረጋገጥ፣ በመጨረሻም የተሠራውን በጽሑፍ ማኖር። ወጣቱ ገመዱን ነቅሎ ይሰካል፤ የመሰኪያውን መብራት ያያል፤ ገመዱን በሌላ ይለውጣል። መብራቱ ቢበራና አድራሻው ቢስተካከል ነገሩ በዚሁ አበቃ።

ነገር ግን መብራቱ እየበራ አድራሻው ባይመጣስ? በዚህ ጊዜ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «የታመመው አንድ ማሽን ነው ወይስ ብዙ?» የሚል ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የገቡት ሁሉ ሲሠሩ ከ4 ሰዓት በኋላ የመጡት ብቻ ቢቸገሩ፣ ገመዱን መወንጀል ከንቱ ነው። ተማሪዎቹ የእጅ ስልካቸውን ከዚያው ኔትወርክ ጋር በገመድ አልባ አገናኝተው 62ቱን አድራሻዎች ጨርሰዋቸዋል። 50 ማሽን ላለበት ክፍል 62 አድራሻ የሚበቃ ይመስል ነበር፤ ስልኮቹን ግን የቆጠረ አልነበረም። እዚህ ላይ ነገሩ ከማሽኑ ወጥቶ ወደ ኔትወርኩ አቀማመጥ ገባ፤ ይህም የሲሲኤንኤ ድንበር ነው።

ሌላው ሊነበብ የሚችለው 192.168.10.70 ነው። አድራሻው ፍጹም ጤነኛ ይመስላል፤ ግን የሒሳብ ክፍል አድራሻ ነው። ገመዱ የተሰካበት የስዊች ቀዳዳ ለሒሳብ ክፍል በተመደበው ምናባዊ ኔትወርክ ውስጥ ቀርቷል። ኤ-ፕላስ የምናባዊ ኔትወርክን ምንነት ያስተምራል፤ ስዊቹን ከፍቶ ማየትንና ማረምን የሚጠይቀው ግን ሲሲኤንኤ ነው። የሚታየውም በዚህ ትእዛዝ ነው፦

```
show vlan brief
```

ሦስተኛው ከሁሉም የረቀቀ ነው። አድራሻው 192.168.10.40 ሲሆን አንድ ሰው በእጁ ሲሞላ በ255.255.255.192 ፈንታ 255.255.255.224 ብሎ ጽፎበታል። ማሽኑ የራሱ ሰፈር ከ32 እስከ 63 ብቻ እንደሆነ ያምናል። ስለዚህም ከጎኑ ካለው ከ41 ቁጥር ማሽን ጋር ይነጋገራል፤ 20 ቁጥር ላይ ካለው ማተሚያ ጋር ግን አይገናኝም፤ መውጫው በር 1 ቁጥርም ከሰፈሩ ውጭ ሆኖበታል። ይህንን ስሕተት በጣት ቆጥሮ ያላገኘ ሰው ማሽኑን እንደገና ወደ መጫን ይሄዳል፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ከዚያም ያንኑ ቁጥር መልሶ ቢሞላ ችግሩ እንደነበረ ያገኘዋል።

እንግዲህ ከዚህ ምሳሌ የሚታየው፣ ኤ-ፕላስ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ሲያስተምር ሲሲኤንኤ የቀረውን ያስተምራል። ሲሲኤንኤ በበኩሉ የማይነካው ነገር አለ፤ የአዲስ አበባ መብራት ሲዋዥቅ ስለሚቃጠለው የኃይል ማከፋፈያ ሣጥን፣ ስለ ላላ የማስታወሻ ካርድ፣ በቫይረስ ስለተያዘ ማሽን አንድም አይጠይቅም። ልምድ የሌለው ሰው ግን የመጀመሪያ ሥራው በአብዛኛው ይኸው ነው። በዚህ ብቻ ቢፈረድ ኤ-ፕላስ ሊያሸንፍ ይገባው ነበር።

ፍርዱን የሚገለብጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ዋጋ ነው። ሲሲኤንኤ 300 ዶላር ነው። የኤ-ፕላስ እያንዳንዱ ፈተና በአሜሪካ ዋጋ ከ250 ዶላር በላይ ስለሆነ ሁለቱ ተደምረው ከ500 ዶላር ያልፋሉ፤ ኮምፕቲያ ለአንዳንድ አገሮች የተለየ ዋጋ ስለሚያወጣ ከመክፈል በፊት በአገሩ ዋጋ መጠየቅ ይገባል። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ስለነበረ፣ 300 ዶላር ማለት 17 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ያው ፈተና ከ30 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ለቄራው ወጣት ሁለተኛ ፈተና ማለት የብዙ ወራት የቤት ኪራይ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ኤ-ፕላስ የሚመሰክርለት ችሎታ በአገር ውስጥ ሌላ መስካሪ ያለው መሆኑ ነው። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት የሃርድዌርና የኔትወርክ ጥገና ሥልጠና በየደረጃው ይሰጣል፤ ሠልጣኙም በተለምዶ ሲኦሲ እየተባለ በሚጠራው የብቃት ምዘና በጽሑፍና በተግባር ይፈተናል። ይህ በብር የሚከፈል ነው፤ የአገር ውስጥ ቀጣሪም ያውቀዋል። ለሲሲኤንኤ ግን እንዲህ ያለ ምትክ የለም። ስለዚህ በአዲስ አበባ ሊሠራ ላሰበ ወጣት የተሻለው መንገድ የኤ-ፕላስን ትምህርት በሙሉ አንብቦ ፈተናውን መተው፣ ጥገናውን በሲኦሲ ማስመስከር፣ የእኅቱንም ገንዘብ ለሲሲኤንኤ ማዋል ነው። ዘመድ ጠርቶት ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ግን ምክሩ ይለወጣል። በዚያ የእርዳታ ዴስክ ሥራ ማስታወቂያዎች ኤ-ፕላስን በስሙ ይጠራሉ፤ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴርም ለመጀመሪያ ደረጃ ቴክኒክ ሠራተኞቹ ለብዙ ዓመታት ከተቀበላቸው የምስክር ወረቀቶች አንዱ ነው። ሲኦሲ ግን እዚያ የሚያውቀው የለም።

የሚገርመው፣ መሣሪያ ለሌለው ሰው ሲሲኤንኤን መለማመዱ ከኤ-ፕላስ ይቀላል። ሲስኮ በኔትወርኪንግ አካዳሚው በኩል ፓኬት ትሬሰር የተባለውን ማስመሰያ በነጻ ይሰጣል፤ ከላይ የተገለጸውን ትምህርት ቤት ሁለቱንም ክፍሎች ከነስዊቹና ከነሩተሩ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ መሥራት ይቻላል። ማሽን መፍታትን ግን ማስመሰያ አያስተምረውም፤ ለዚህ የሚሻለው ከጥገና ቤት የተጣለ አንድ የሞተ ኮምፒዩተር ለምኖ ሃያ ጊዜ መፍታትና መግጠም ነው።

ትልቁ አደጋ ከፈተና ቤት ሾልከው የወጡ ናቸው ተብለው በየስልኩ የሚዘዋወሩት የጥያቄ ስብስቦች ናቸው። ማስጠንቀቂያው የሥነ ምግባር ብቻ አይደለም። የሲሲኤንኤ ፈተና ስዊችና ሩተር በእጅ እንዲስተካከሉ የሚጠይቁ የተግባር ጥያቄዎች አሉበት፤ ወደ አለፈ ጥያቄም መመለስ አይቻልም። መልስ የሸመደደ ሰው ቁጥሩ አንድ ጊዜ ሲቀየርበት ይቆማል። ቢያልፍ እንኳ ቀጣሪው በቃለ መጠይቁ ላይ ያንን የ40 ቁጥር ማሽን ያቀርብለታል።

ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ወጣቱ ዝግጁነቱን በሁለት ነገር ሊለካ ይችላል። አንደኛ፣ ማንኛውም አድራሻና መከፋፈያ ሲሰጠው ያለ ማስሊያ፣ በወረቀት ብቻ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሰፈሩን መጀመሪያና መጨረሻ ይናገር። ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤቱን ኔትወርክ ከባዶ ገጽ ተነሥቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሥራ፤ ከዚያ ከክፍል ወጥቶ ሳለ ጓደኛው አንዲት ነገር ያበላሽበት፤ ተመልሶም ያግኛት። ጓደኛው አሥር ጊዜ አበላሽቶ ስምንቱን ካላገኘ ፈተናውን በወር ያራዝመው፤ ምክንያቱም የወደቀ ተፈታኝ ከአምስት ቀን በኋላ እንደገና መቀመጥ ቢፈቀድለትም 300 ዶላሩን እንደ አዲስ ይከፍላል።