ስለ ረጅሙ ፈተና አካሄድ
በሕክምና ተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና፥ ይኸውም ዩ.ኤስ.ኤም.ኤል.ኢ. ስለሚባለው፥ የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስለ መፈተኑ ነው። ይህን ፈተና አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ውድቀቱ ከመዝገቡ አይፋቅለትም፤ ለስፔሻላይዜሽን ሥልጠና ሲያመለክትም ይታይበታል። ስለዚህ የሚያውቁትን በጊዜ አጠቃቀም ምክንያት ማጣት ትልቅ ጉዳት ነው።

እኛ በ2024 እ.ኤ.አ. ስንፈተን 7 ክፍሎች ነበሩ። እያንዳንዱ ክፍል 60 ደቂቃና እስከ 40 ጥያቄ ነበረው። አንዱ ክፍል ከተዘጋ በኋላ ወደ እርሱ መመለስ አይቻልም። የክፍሎቹ ቁጥርና ርዝመት ሊለወጥ ስለሚችል ከመመዝገባችሁ በፊት ማስታወቂያውን ተመልከቱ። ክፍሉ ቢያጥርም ለአንድ ጥያቄ 90 ሴኮንድ እስከ ደረሰ ድረስ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የምንነግራችሁ ጊዜ አይለወጥም።

በመጀመሪያ ስለ ሰዓት እንናገር። 90ውን ሴኮንድ በሙሉ የሚጠቀም ሰው ለመከለስ ምንም አይተርፈውም። እኛ ለአንድ ጥያቄ 80 ሴኮንድ ወሰንን። በዚህ ስሌት 15ኛው ጥያቄ ሲያልቅ 40 ደቂቃ፥ 30ኛው ሲያልቅ 20 ደቂቃ ይቀራል፤ በመጨረሻም ወደ 7 ደቂቃ ገደማ ይተርፋል። ሰዓቱን የምናየው በእነዚህ በሁለቱ ቦታዎች ብቻ ነበር። በየጥያቄው ሰዓት የሚያይ ሰው ሐሳቡ ይበተናልና።

ሁለተኛው ምልክት ስለምናደርግባቸው ጥያቄዎች ነው። ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለ፥ ምልክት ከማድረጋችን በፊት ሁልጊዜ አንድ መልስ እንመርጣለን። ፈጽሞ የማናውቀውን ጥያቄ መልሰን እናልፋለን እንጂ ምልክት አናደርግበትም፤ ተመልሰን ብናየው የምናገኘው አዲስ ነገር የለምና። ምልክት የሚገባው ስሌት ለሚፈልገውና በሁለት መልሶች መካከል ላቆመን ጥያቄ ነው። በ7 ደቂቃ የሚከለሰው 5 ያህል ጥያቄ ነው፤ 12 ምልክት ያደረገ ሰው ምንም እንዳላደረገ ይቆጠራል። ስንመለስ ስሌቱን እናስቀድማለን፥ ጊዜ ሲጨመርለት የሚፈታ እርሱ ነውና። በሁለት መልስ መካከል የተውነውን ግን የምንለውጠው መጀመሪያ ያላነበብነው ቃል ወይም ቁጥር ከጥያቄው ውስጥ ካገኘን ብቻ ነው። ፍርሃት መልስ አያስለውጥም።

ሦስተኛው ክፉ ክፍል ያጋጠመ ጊዜ የሚደረገው ነው። ከመካከላችን አንዱ በሦስተኛው ክፍል አንድ ረጅም የስታቲስቲክስ ጥያቄ 6 ደቂቃ በላበት። በመጨረሻም 7 ጥያቄዎችን በ2 ደቂቃ በግምት መለሰ። ከክፍሉ እንደ ወጣ ሳያርፍ አራተኛውን ከፈተ፤ ዓይኑ አዲሱን ጥያቄ ሲያነብ ልቡ ያለፈውን ይቈጥር ነበር። የጎዳው ሦስተኛው ክፍል ሳይሆን ይህ ነበር።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ለማለፍ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 60 ያህል ጥያቄ በትክክል መመለስ ያስፈልጋል። ሰውዬው በክፉው ክፍል ከ40 ጥያቄ 18 ብቻ፥ በቀሩት ስድስት ክፍሎች ግን 27 27 ቢያገኝ ድምሩ ከ280 ጥያቄ 180 ይሆናል፤ ይህም ከመቶ 64 ነው። ነገር ግን ሐዘኑ ተከትሎት በሚቀጥሉት ሁለት ክፍሎች 20 20 ቢያገኝ፥ ድምሩ 166 ሆኖ ከመቶ 59 ላይ ይወርዳል። እንግዲህ አንድ ክፉ ክፍል ብቻውን አይጥልም፤ የሚጥለው ወደ ሌሎቹ ሲዛመት ነው። ደግሞም ከጥያቄዎቹ መካከል ለሙከራ የገቡና ነጥብ የማይሰጥባቸው አሉ፤ ያስጨነቃችሁ ጥያቄ ከእነዚያ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የዕረፍቱን 45 ደቂቃ አስቀድመን ከፈልነው፤ ከሁለተኛው ክፍል በኋላ 5፥ ከአራተኛው በኋላ ለምሳ 20፥ ከስድስተኛው በኋላ 10። የቀረውን 10 ደቂቃ ለክፉ ክፍል አስቀመጥነው። ያ ክፍል ሲመጣ ተነሥተን ወጣን፤ ውኃ ጠጣን፤ ፊታችንን ታጠብን፤ መልስ ግን አላሰላሰልንም። ዕረፍቱ ካለቀ ትርፉ ከፈተናው ሰዓት ስለሚቀነስ በጊዜ ተመለስን። የሚቀጥለውን ክፍል የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎችም ሳንቸኩል ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጀምረን አነበብን፤ ሦስቱን ስንጨርስ የለመድነው አካሄድ ተመልሶ ነበር።

ይህ ሁሉ በፈተናው ዕለት አይለመድም። ቢያንስ አንድ ቅዳሜ ክፍሎቹን በተከታታይ፥ ዕረፍቱንም በሰዓት ለክታችሁ ተለማመዱት።